ለኦንላይን ጋዜጣ ስትከፍሉ የምትገዙት ምንድን ነው?

ሊንክ ነክታችሁ ሁለት አንቀጽ እንዳነበባችሁ ገጹ ይደበዝዝና «ለመቀጠል ደንበኛ ይሁኑ» የሚል ሳጥን ከታች ብቅ ይላል። አብዛኞቻችን ወይ ተናደን እንዘጋዋለን፣ ወይ ቴሌግራም ላይ «ይሄን ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ የሚልክልኝ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ሳጥኑ ውስጥ የሚሸጠው ዕቃ በትክክል ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ውጭ አገር ያሉት ዘመዶቻችንም ቢሆኑ ካርዳቸውን ካስገቡ በኋላ ነው «ይሄ አልተካተተም እንዴ?» የሚሉት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ጋዜጣ በነጻ ይነበብ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሪፖርተር ደመወዝ ይፈልጋል፣ ማስታወቂያ ብቻውን ደግሞ ደመወዙን አይሸፍንም። ችግሬ ሌላ ነው። «ደንበኝነት» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ተጠቅልለው ይሸጣሉ፦ የወሩ የንባብ ገደብ መነሳት፣ የድሮ ዕትሞች መከፈት እና የወረቀቱ ጋዜጣ ቤት ድረስ መምጣት። ሦስቱም የየራሳቸው ወጪና የየራሳቸው ገዢ አላቸው። የመጀመሪያውን መሸጥ ተገቢ ነው እላለሁ። ሁለተኛውን በተራ አንባቢ ላይ መቆለፍ ግን ለጋዜጣውም የማይረባ፣ እኛን ደግሞ በተለይ የሚጎዳ ነገር ነው።

ለዚህ የምጠቀመው ምሳሌ ኒውዮርክ ታይምስ ነው። ስለምወደው አይደለም። ዋጋውንም ሆነ ሕጉን ሲቀያይር በአደባባይ ስለሆነ፣ ሦስቱን ዕቃዎች ለያይቶ ለማየት ከሱ የተሻለ የለም።

ቆጣሪው

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2011 ጋዜጣው ድረ ገጹ ላይ ቆጣሪ ገጠመ። ሕጉ ቀላል ነበር፦ በወር 20 ጽሑፍ በነጻ ታነባላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ትከፍላላችሁ። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ላይ 20ው ወደ 10 ወረደ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ 5 ሆነ።

ለምን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም? የለንደኑ ዘ ታይምስ በ2010 እንደዚያ አድርጎ ነበር፤ ያልከፈለ ምንም አያነብም። ፋይናንሻል ታይምስ ግን ከ2007 ጀምሮ በቆጣሪ ነበር የሚሠራው። የቆጣሪው ብልሃት አንባቢን ሳይጠይቅ መለየቱ ነው። በወር ሦስት ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ቢዘጋበት አይከፍልም፣ በቃ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ክፍት ሲሆንለት ግን ማስታወቂያ ያያል፣ ሊንክ ያጋራል፣ ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል። በወር 60 የሚያነብ ሰው ደግሞ ጋዜጣውን ለምዶታል፣ ቢዘጋበት ይከፍላል። የኢኮኖሚክስ መምህራን የዋጋ መድልዎ ይሉታል። ለእኛ ቤት የመብራት ቆጣሪ ይቀርባል፦ ትንሽ የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በየኪሎዋቱ በውድ።

ቆጣሪው ሆን ተብሎ ቀዳዳ ተትቶለት ነበር። የመጀመሪያው ገጽና የየክፍሉ መግቢያ ገጾች አይቆጠሩም ነበር። ከፌስቡክና ከትዊተር ሊንክ የሚመጣ ሰው 20ውን ጨርሶም ቢሆን ያንን ጽሑፍ ያነብ ነበር። ከጎግል ለሚመጣ ደግሞ በቀን አምስት ተፈቅዶለት ነበር። ግድግዳው ውስጥ የተተወው በር አዲስ አንባቢ የሚገባበት ነው፤ ያ በር ባይኖር ቆጣሪው ራሱ የሚቆጥረው ሰው ያጣል።

አሁን ስለ ስልካችሁ። ቆጣሪው እናንተን አያውቅም። የሚያውቀው ብራውዘራችሁ ውስጥ ያስቀመጣትን ትንሽ ፋይል ነው፤ ኩኪ ትባላለች። ክሮም ላይ አራት ጽሑፍ፣ ሌላ ብራውዘር ላይ ደግሞ ሦስት ካነበባችሁ ለቆጣሪው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ። ኩኪዋ ስትሰረዝ ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምር የነበረውም ለዚህ ነው። ይሄ ጨዋታ ግን እያለቀ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ከ2019 ጀምሮ በነጻ ለማንበብም በኢሜይል አካውንት ክፈቱ ማለት ጀመረ፤ አካውንት ከተከፈተ ቆጠራው ከስልኩ ጋር ሳይሆን ከሰውየው ጋር ይሄዳል። በ2022 ደግሞ የጋዜጣው ባለሙያዎች ራሳቸው እንደጻፉት፣ ገደቡ ለሁሉም አንድ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ የተመዘገበ አንባቢ እንደ ንባቡ ልማድ የሚለያይ ገደብ ይሰጠዋል። ማለትም ዛሬ «በወር ስንት ነው የሚፈቀደው?» ብትሉ አንድ መልስ የለም። ከጎናችሁ የተቀመጠው ጓደኛችሁ ገና እያነበበ እናንተ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ይሄ አይመቸኝም። የመብራት ቆጣሪ ቢያንስ ታሪፉ ይታወቃል።

ከፍለውም የሚዘጋባቸው ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱ ያው ኩኪ ነው። ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ውስጥ ሊንክ ስትነኩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ክሮም አይደለም፣ አፑ በሆዱ የያዘው ትንሽ ብራውዘር ነው። የሱ ኩኪ ሌላ፣ የክሮም ኩኪ ሌላ። ክሮም ላይ ከፍላችሁ የገባችሁበትን አካውንት አፑ አያውቀውም፤ እንግዳ ሆናችሁ ትቀርባላችሁ፣ ሳጥኑ ይመጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ገጹ ላይ ስማችሁ ወይም የአካውንት ምልክት በመሆን ፋንታ Log in የሚል ይታያል። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ Open in Chrome ወይም Open in browser በሉት። ለዚህ ችግር ሁለተኛ አካውንት ከፍቶ ሁለቴ የከፈለ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለቱም ለወራት ሲቆርጡበት ነበር።

የእሁዱ ጋዜጣ

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሒሳቡ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው።

በ2011 ሲጀመር ሦስት ጥቅሎች ነበሩ። ድረ ገጽና የስልክ አፕ 15 ዶላር፣ ድረ ገጽና የታብሌት አፕ 20 ዶላር፣ ሁሉም በአንድ ላይ 35 ዶላር። ወረቀት በየትኛውም የለም። በመጀመሪያ የምታዩት ነገር ክፍያው በየወሩ ሳይሆን በየአራት ሳምንቱ መሆኑን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዓመት 12 ወር አለው፤ አራት አራት ሳምንት ስትቆጥሩ ግን 13 ይሆናል። 15 ዶላሩን በ12 አባዝቶ 180 ያለ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 195 ከፍሎ ያገኘዋል። የእኛ አገር ሰው ጳጉሜን ስለለመደ 13ኛዋን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም፤ እዚህኛዋ 13ኛ ላይ ግን የሚቆረጠው እንደ ሌላው ወር ሙሉ ነው።

ሁሉንም የያዘው ጥቅል 35 በ13 ሲባዛ በዓመት 455 ዶላር ይመጣል። አሁን ደግሞ ሌላኛውን መንገድ እዩ። ጋዜጣው ወረቀቱን ቤታቸው ለሚያስመጡ ሰዎች ዲጂታሉን በሙሉ በነጻ ሰጠ። ቤት ማስመጣት ማለት ደግሞ የግድ ሰባቱንም ቀን ማለት አይደለም፤ የእሁዱን ዕትም ብቻ ማስመጣት ይቻላል። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የእሁዱ ብቻ መደበኛ ዋጋ ያኔ በሳምንት 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነበር። በ52 ሲባዛ 390 ዶላር። ማለትም ዲጂታሉን ሁሉ ጨምሮ፣ ያ ወፍራም የእሁድ ጋዜጣ ደጃፋችሁ ላይ እየተጣለ፣ ወረቀት ከሌለው ጥቅል በዓመት 65 ዶላር ይረክሳል። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሳምንታት ቅናሽ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል።

ወረቀት ይገዛል፣ ቀለም ይገዛል፣ በሌሊት መኪና ተጭኖ በሰው እጅ ደጅ ላይ ይደርሳል። ይሄ ሁሉ ተጨምሮበት ከባዶው ስክሪን እንዴት ይረክሳል? መልሱ ማስታወቂያ ነው። የእሁዱ ዕትም ከሳምንቱ ሁሉ ብዙ ማስታወቂያ የሚሸከመው ነው፤ የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ የሚወሰነው ጋዜጣው ስንት ቤት እንደሚገባ ተቆጥሮ ነው። አንድ የእሁድ ደንበኛ ለማስታወቂያ ክፍሉ የሚያስገባው ገንዘብ ከማመላለሻው ወጪ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ጋዜጣው ወረቀቱን ለእናንተ ይሸጣል፣ እናንተን ደግሞ መልሶ ለማስታወቂያ አስነጋሪው ይሸጣል። ያሰቡትም ተሳካ፤ በ2011 እሁድን ቤታቸው የሚያስመጡ ሰዎች ቁጥር ለዓመታት ሲወርድ ከኖረ በኋላ በትንሹም ቢሆን ወደ ላይ አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ወረቀቱን ከነፕላስቲኩ ሳይከፍት የሚጥለው ሰው ሒሳቡ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ሲጣልም ተቆጥሯል።

ዛሬ የወረቀት ማስታወቂያ ስለቀነሰ ያ ነገር በዚያው መጠን ይሠራል ብዬ አልናገርም። ጥያቄው ግን ሁሌም መጠየቅ አለበት፦ ወረቀቱ ዲጂታሉን ይዞ ይመጣል፣ ዲጂታሉ ግን ወረቀቱን ይዞ አይመጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫውን ነው። All Access የሚለው ቃል «ሁሉም» ስለሚል ወረቀትም ያለበት ይመስላል፤ የለበትም። ወረቀቱ ያለበት Home Delivery የሚለው ነው። በመሃል ደግሞ Replica Edition የሚባል አለ፤ የታተመው ጋዜጣ ገጽ በገጽ ምስሉ ስክሪን ላይ ነው እንጂ ወረቀት አይደለም። ቨርጂኒያ ያለችው አክስታችሁ «ጋዜጣው እኮ አልመጣም» ብላ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቋት የትኛው ቃል ላይ እንደከፈለች ነው።

ሌላው የመግቢያ ዋጋው ነው። በቅርብ ዓመታት ጋዜጣው ሲያስተዋውቅ የቆየው በሳምንት 1 ዶላር የሚለውን ነው። የመግቢያው ጊዜ ሲያልቅ ግን መደበኛው ዋጋ በየአራት ሳምንቱ 25 ዶላር ነበር። አንደኛው በዓመት 52፣ ሁለተኛው በ13 ተባዝቶ 325 ዶላር። ለስሌት ያህል ዶላሩን በ150 ብር ብንወስደው 7,800 ብር የነበረው 48,750 ብር ሆነ ማለት ነው። ለውጡ የሚደርሰው ራሱን በሚያድስ ካርድ ላይ ስለሆነ፣ በተመዘገባችሁበት ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ።

የድሮ ዕትሞች

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለማንም አገር አንባቢ አንድ ነው። ማህደሩ ግን በቀጥታ እኛን ይነካል።

ጋዜጣው ከ1851 ጀምሮ የታተመ ነው። ከ2005 እስከ 2007 ታይምስ ሴሌክት የሚባል አሠራር ነበረው፤ የዓምደኞቹን ጽሑፍና የድሮ ዕትሞችን በዓመት 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ከ200 ሺህ በላይ ሰው ከፍሎ፣ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እያስገባ፣ በሴፕቴምበር 2007 ራሱ ዘጋው። የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር፦ አንባቢ በጎግል በኩል እየጎረፈ ነው፣ የተቆለፈው ገጽ ላይ ሲደርስ ይመለሳል፣ ያ የሚመለሰው ሰው የሚያመጣው የማስታወቂያ ገቢ ደግሞ ከ10 ሚሊዮኑ በላይ ሊያድግ ይችላል።

ሲከፍተው ግን ሁሉንም አልከፈተም። ከ1987 ወዲህ ያለው ነጻ ሆነ። ከ1851 እስከ 1922 ያለው ነጻ ሆነ፤ እሱ በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብቱ ያለፈበት ነው። መሃሉ፣ ከ1923 እስከ 1986 ያለው፣ የሚከፈልበት ሆኖ ቀረ። በ2011 ቆጣሪው ሲመጣም ለዲጂታል ደንበኛ ከዚያ ዘመን በአራት ሳምንት 100 ጽሑፍ ብቻ ተፈቀደለት።

አሁን እነዚህን ዓመታት ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የ1896 የዓድዋ ጦርነት፦ ነጻ። የ1930 የንግሥ በዓል፣ የ1935ቱ ወረራ፣ ማይጨው፣ ጃንሆይ በ1936 ጄኔቫ ላይ ያደረጉት ንግግር፣ የ1960 የታኅሣሥ ግርግር፣ የወሎ ረሃብ፣ የ1974 አብዮት፣ የ1984 ረሃብ፦ ሁሉም መሃል ላይ። ዓለም ስለኛ ብዙ የጻፈባቸው ዓመታት አንድ በአንድ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ወድቀዋል። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ የቅጂ መብት ሕግና የጋዜጣው የሒሳብ ክፍል ሲገናኙ እንዲህ ሆኖ ወጣ። የታሪክ ተማሪ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ሳይኖረው በር ላይ ነው የሚቀረው።

ከፍሎ የገባም ሰው ሁለት ነገር ያጋጥመዋል። አንደኛው ፍለጋው ነው። የድሮው ዕትም የወረቀቱ ፎቶ ነው፤ ፍለጋው የሚሠራው ኮምፒውተር ከፎቶው ላይ ለቅሞ ባነበበው ፊደል ነው፣ የደበዘዘ ቀለም ላይ ደግሞ ይሳሳታል። ከዚያ በላይ ያኔ ስማችን ሌላ ነበር። Ethiopia ብላችሁ የ1896ን ብትፈልጉ ብዙው ያመልጣችኋል፤ Abyssinia በሉ። ዓድዋ Adowa ነው፣ ምኒልክ ብዙ ጊዜ Menelek ነው፣ አዲስ አበባም Addis Abeba ሆኖ ይገኛል። ምንም አልመጣ ሲል «የለም» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጣችሁ፣ በስም ሳይሆን በቀን ገደብ ፈልጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ማለት ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ገጽ በገጽ ማየት ከመቶ ፍለጋ ይሻላል።

ሁለተኛው ቀዳዳው ነው። ማህደር ሲባል የታተመው ሁሉ ያለበት ይመስለናል። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆናታን ታሲኒ የሚባል ጸሐፊና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ታይምስን በከሰሱበት ጉዳይ 7 ለ 2 ፈረደላቸው። ክርክሩ ጋዜጣው የፍሪላንስ ጸሐፊዎችን ጽሑፍ ለወረቀት ገዝቶ፣ ሳያስፈቅድ ዳታቤዝ ውስጥ መክተት ይችላል ወይ የሚል ነበር። ፍርዱ አይችልም አለ። የጋዜጣው መልስ መክፈል አልነበረም፤ ከ100 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ከዲጂታል ማህደሩ ማውጣት ጀመረ። በተለይ ከ1980 እስከ 1995 ያለው ነው የተነካው። የኛ የ1984 ረሃብና የደርግ መጨረሻ እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን የሚያጠና ሰው ጽሑፉ በመጽሐፍ ተጠቅሶ ማህደሩ ውስጥ ካጣው፣ የገጹን ፎቶ ወይም ማይክሮፊልሙን መፈለግ አለበት። እኔም በየጽሑፉ የምከፈል ፍሪላንሰር ነኝና በፍርዱ ደስ ይለኛል፤ ውጤቱ ግን አንባቢ ሳያነብ የቀረበት ነው።

እኛስ?

የአማርኛ ጋዜጦችም አንድ ቀን ቆጣሪ ይገጥማሉ። የጋዜጣ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፣ አዟሪው እየጠፋ ነው፣ አንባቢው ስልክ ላይ ነው። ሲገጥሙ ይህንን እንዲያስቡ እፈልጋለሁ።

ቆጣሪውን አዲሱ ጽሑፍ ላይ አድርጉት። የዚህ ሳምንት ምርመራ፣ የዚህ ሳምንት የገበያ ትንተና ዛሬ ዋጋ አለው፤ ዛሬ የሚፈልገው ሰው ይከፍላል። ቁጥሩን ግን ንገሩን፣ ስንት እንደቀረንም አሳዩን። ክፍያው በሳምንት ይሁን፣ በቴሌብር ይሁን፣ ራሱን የሚያድስ አይሁን። ወር ሙሉ 200 ብር ማውጣት የሚከብደው ተማሪ ፈተና ያለበት ሳምንት 50 ብር ይከፍላል።

የድሮውን ዕትም ግን ለግለሰብ አትቆልፉ። አንድ የ1967 ዓ.ም. ዜና በዓመት ሦስት ሰው ቢያነበው ነው፤ ሦስቱም የሚከፍሉ ዓይነት አይደሉም፣ አንድ ተጨማሪ ሰው ሲያነበው ደግሞ ወጪው ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ኒውዮርክ ታይምስ ያን ያህል አንባቢ ይዞ ከማህደሩ ሰፊ ክፍል መክፈት ይሻለኛል ብሎ ከከፈተ፣ እዚህ ሊያዋጣ የሚችልበት ሒሳብ አይታየኝም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ትክክለኛ ጥያቄ አለ፦ ስካን ማድረጊያው ገንዘብ ከየት ይመጣል? አዲስ ዘመን ብቻውን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዛሬ የድሮውን ማየት የፈለገ ሰው ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄዶ፣ የተጠረዘውን ጥራዝ አስወጥቶ ነው የሚያገላብጠው፤ ወረቀቱም በየገለጣው ይሰበራል። ያንን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ወጪ ነው፣ ፊደሉን ወደሚፈለግ ጽሑፍ መቀየር ደግሞ ከዚያ የባሰ ወጪ ነው። ግን መልሱ ከውጭ አለ፦ የድሮ ጋዜጣ የሚገዛው ተቋም ነው። የኒውዮርክ ታይምስን ሙሉ ማህደር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በፕሮኩዌስት በኩል በተቋም ደረጃ ይገዙታል፣ ተማሪው ግን ሳይከፍል ያነባል። እዚህም ገንዘቡን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባንኮች፣ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ይክፈሉ። እነሱ የሚገዙት ሙሉውን ፋይል፣ በጅምላ የሚፈለገውን ነው። ስልክ ላይ አንድ ገጽ የሚያየው ልጅ በነጻ ይይ።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የከተማችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ እዩ። ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት በመታወቂያ ካርዳቸው ቁጥር የኒውዮርክ ታይምስን ድረ ገጽ ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት የሚከፍት ኮድ ይሰጣሉ፤ ሲያልቅ እንደገና ትወስዳላችሁ። አንዳንዶቹ የፕሮኩዌስቱንም ማህደር ከቤት ሆኖ ያስነብባሉ፣ ያንን የመሃሉን ዘመን ጨምሮ።

ያ የመሃሉ ክፍል በየዓመቱ ከአንድ ጫፍ በአንድ ዓመት ይጠባል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ለዚያ ዘመን ሕትመት 95 ዓመት ነው፤ ከ2019 ጀምሮ በየጃንዩዋሪ 1 አንድ ዓመት ነጻ ይወጣል። የ1930 ጋዜጦች፣ የንግሥ በዓሉ ያለባቸው፣ በጃንዩዋሪ 1 ቀን 2026 ነጻ ወጥተዋል። ነጻ ወጡ ማለት ግን ጋዜጣው ስካኑን በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት ማለት አይደለም፤ ገጹን ያገኘ ሰው ቢያባዛው፣ ቢተረጉመው፣ ቴሌግራም ላይ ቢለጥፈው አይከሰስም ማለት ነው። የጄኔቫው ንግግር ዘገባ ያለበት የ1936 ዕትም ተራው ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2032 ነው። የ1974ቱ ደግሞ 2070።